83 ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? የልጆችን ቁመት በዜድ-ስኮርና በኖርማል ሰንጠረዥ የማንበብ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ልክ ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ተኝቶ ተለክቶ 83 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም። አጭር ነው ለማለት ከማን አንጻር እንደሆነ ማወቅ አለብን። ከማን እንዳነሰ ካወቅን በኋላም፣ የጎደለው ቁመት በዚያ ዕድሜ የተለመደ ይሁን ወይም የሚያሳስብ ገና አናውቅም። የዜድ-ስኮር ሥራ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ነው።

ስታትስቲክስ የሚማር ሰው ብዙውን ጊዜ ዜድን የሚያውቀው በፈተና ውጤት ምሳሌ ነው። እኔ የልጆችን ቁመት የመረጥኩት በምክንያት ነው። በአገራችን "መቀንጨር" የሚለው ቃል በየጤና ኬላው ይነገራል፤ ትርጉሙ ግን ከዜድ-ስኮር ውጭ የለም። አንድ ልጅ ቀንጭሯል የሚባለው ለዕድሜው ያለው ቁመት ከ-2 ዜድ በታች ሲሆን ነው። ከ-3 በታች ከሆነ ደግሞ በከፍተኛ ደረጃ ቀንጭሯል ይባላል።

መጀመሪያ፦ ሁለት ቁጥር ያዙ

ለስሌቱ አማካይ እና ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ያስፈልጋሉ። አማካዩ መሃሉ የት እንደሆነ ይነግረናል። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ደግሞ ልጆቹ ከመሃሉ በተለምዶ ምን ያህል ራቅ ራቅ እንደሚሉ ያሳያል።

እነዚህን ቁጥሮች ከራሳችሁ መንደር ልጆች አታውጡ። የመንደሩ ልጆች በሙሉ አጥረው ከሆነ፣ እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ሁሉም ደህና ይመስላሉ። የምንጠቀመው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣውን የእድገት መለኪያ ነው። መለኪያው የተሠራው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ከተለኩ ልጆች ነው። የተመረጡትም ለማደግ የሚያስፈልጋቸው የተሟላላቸው፣ የእናት ጡት የጠቡና እናቶቻቸው የማያጨሱ ነበሩ። ስለዚህ የሚያሳየን ልጅ ሁኔታው ሲመችለት እንዴት እንደሚያድግ ነው።

በዚያ መለኪያ መሠረት ልክ 24 ወር የሞላው ወንድ ልጅ ተኝቶ ሲለካ አማካዩ 87.8 ሴንቲ ሜትር፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 3.06 ነው። ለሴት ልጅ አማካዩ 86.4፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 3.23 ነው።

ዜድን ማስላት

ከልጁ ቁመት ላይ አማካዩን ቀንሱ። ያገኛችሁትን ለስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ አካፍሉ። ሌላ የለውም።

```
z = (x - አማካይ) / ስታንዳርድ ዲቪዬሽን
z = (83.0 - 87.8) / 3.06 = -4.8 / 3.06 = -1.57
```

የቅነሳውን ቅደም ተከተል አትገልብጡ፤ ሁልጊዜ የልጁ ቁመት ይቀድማል። ከአማካይ በታች ያለ ልጅ ዜዱ ኔጌቲቭ፣ ከአማካይ በላይ ያለው ፖዘቲቭ መሆን አለበት። ካልሆነ የሆነ ቦታ ስታችኋል።

-1.57 ማለት ልጁ ከአማካዩ አንድ ተኩል ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ያህል ወደ ታች ይርቃል ማለት ነው። ሴንቲ ሜትሩ ከስሌቱ ወጥቷል። አሁን ይህን ልጅ ከሴት ልጅ ጋርም፣ ከስድስት ወር ሕፃን ጋርም ማነጻጸር ይቻላል። ልክ 24 ወር የሆናትና 83 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት ልጅ ብንወስድ ዜዷ (83.0 − 86.4) ÷ 3.23 ሲሰላ -1.05 ይመጣል። ቁመታቸው አንድ ነው። እሷ ግን ለመሃሉ ከእሱ ይልቅ ትቀርባለች።

የያዛችሁት ሰንጠረዥ የትኛው ዓይነት ነው?

ወደ ሰንጠረዡ ከመግባታችሁ በፊት እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። ብዙ ተማሪ ዜዱን በትክክል አስልቶ መልሱን የሚስተው በዚህ ነው። ዜድን ወደ ድርሻ የሚቀይረው የኖርማል ሰንጠረዥ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ከዜዱ በስተግራ ያለውን ድርሻ ሁሉ ይሰጣል። አንዳንዱ ከመሃሉ እስከ ዜዱ ያለውን ብቻ፣ አንዳንዱ ደግሞ ከዜዱ በስተቀኝ ያለውን ይሰጣል። መጽሐፍ ስትቀይሩ ሰንጠረዡም ሊቀየር ይችላል።

መለያው ቀላል ነው፤ የ1.00ን ዋጋ ፈልጉ። 0.8413 ካገኛችሁ ሰንጠረዡ ከግራ ጀምሮ የሚደምር ነው። 0.3413 ከሆነ ከመሃል የሚነሳ ነው። 0.1587 ከሆነ የቀኙን ጫፍ ብቻ የሚያሳይ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቀመው የመጀመሪያውን ነው፤ ፐርሰንታይል ለመፈለግ እሱ ይቀላል። በእጃችሁ ያለው ከመሃል የሚነሳው ከሆነ፣ ዜዱ ፖዘቲቭ ሲሆን 0.5 ደምሩበት፤ ኔጌቲቭ ሲሆን ከ0.5 ላይ ቀንሱት።

ከዜድ ወደ ፐርሰንታይል

የዜዱን የመጀመሪያ ሁለት አሃዝ በግራው ዳር ላይ፣ ሁለተኛውን አስርዮሽ ደግሞ በላይኛው ረድፍ ላይ ፈልጉ። ለ-1.57 ግራው ዳር ላይ -1.5ን፣ ከላይ .07ን ትይዛላችሁ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቁጥር መልሱ ነው። ከሰንጠረዡ ትንሽ ቆርጬ ላሳያችሁ፦

```
z      .05     .06     .07     .08     .09
-1.8   0.0322  0.0314  0.0307  0.0301  0.0294
-1.5   0.0606  0.0594  0.0582  0.0571  0.0559
```

0.0582 አገኘን። ይህ ማለት ከመለኪያው እኩዮቹ መካከል ከእሱ የሚያጥሩት 5.8 በመቶ ገደማ ናቸው። ወደ 6ኛ ፐርሰንታይል ይጠጋል። 100 እኩዮቹ በቁመት ቢሰለፉ፣ ከእሱ በታች የሚቆሙት 6 ያህል ብቻ ናቸው። ልጅቷ ግን ለ-1.05 የሚገኘው 0.1469 ስለሆነ 15ኛ ፐርሰንታይል አካባቢ ትገኛለች።

ሰንጠረዣችሁ ፖዘቲቭ ዜድ ብቻ ካለው አትጨነቁ፤ የኖርማል ስርጭት ኩርባ ግራና ቀኙ እኩል ነው። የ1.57ን ፈልጉ፤ 0.9418 ይላል። ከ1 ላይ ስትቀንሱት ያው 0.0582 ይመጣል።

ፐርሰንታይልን እንደ ፈተና ማርክ የሚያነብ ወላጅ ብዙ ነው። "ልጄ ከመቶ 6 አመጣ" ማለት አይደለም። ልጁ 6ኛ ፐርሰንታይል ላይ ሆኖ ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ከመቶ ጤነኛ ልጆች ስድስቱ የግድ እዚያ ወይም ከዚያ በታች ይገኛሉና። ይልቅ በየወሩ ተለክቶ ዜዱ ከ-0.5 ወደ -1.0፣ ከዚያም ወደ -1.57 ሲወርድ የታየ ልጅ፣ ሁልጊዜም -1.57 ላይ ከኖረው ልጅ የበለጠ ያሳስባል።

በሁለት ቁመቶች መካከል ያሉት ስንት ናቸው?

ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ያሉትን ወንዶች ልጆች ድርሻ ፈለግን እንበል። ለሁለቱም ጫፍ ዜድ አስሉ፤ ለ85 -0.92፣ ለ90 ደግሞ 0.72 ይመጣል። ሰንጠረዡ ለመጀመሪያው 0.1788፣ ለሁለተኛው 0.7642 ይሰጣል። ትልቁ ላይ ትንሹን ስትቀንሱ 0.5854 ነው፤ 59 በመቶ ገደማ። የምትቀንሱት ከሰንጠረዡ የወጡትን ድርሻዎች ነው። ዜዶቹን ቀንሳችሁ ልዩነታቸውን ሰንጠረዥ ላይ ብትፈልጉ የምታገኙት ቁጥር ትርጉም የለውም።

ወደ ኋላ መመለስ፦ ከፐርሰንታይል ወደ ሴንቲ ሜትር

አሁን ጥያቄው ይገለበጣል። ለ24 ወር ወንድ ልጅ 3ኛው ፐርሰንታይል ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?

አሁን የተሰጠን ድርሻው ነው፤ 0.0300። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከሰንጠረዡ ሆድ ውስጥ ነው። ከላይ የቆረጥኩትን እዩት። ለ0.0300 በጣም የሚቀርበው 0.0301 ነው። ከእሱ ወደ ግራ ስትሄዱ -1.8፣ ወደ ላይ ስትወጡ .08 ታገኛላችሁ፤ ዜዱ -1.88 ነው። ከዚያ ቀመሩን ገልብጡት፦

```
x = አማካይ + z × ስታንዳርድ ዲቪዬሽን
x = 87.8 + (-1.88 × 3.06) = 87.8 - 5.75 = 82.05
```

የድርጅቱ ሰንጠረዥ 82.1 ይላል። ትንሿ ልዩነት የመጣችው እኛ አማካዩንና ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑን ስላጠጋጋናቸው ነው።

እዚህ ላይ የሚደጋገመው ስህተት የኔጌቲቭ ምልክቱን መጣል ነው። በተለይ ፖዘቲቭ ዜድ ብቻ ያለው ሰንጠረዥ የያዘ ሰው 0.97ን ፈልጎ 1.88 ያገኝና እንዳለ ይደምረዋል። 93.55 ይመጣለታል። ይህ የ97ኛው ፐርሰንታይል ቁመት ነው። ከ50 በታች የሆነ ፐርሰንታይል ከአማካዩ በላይ የሆነ ቁመት ሊሰጥ አይችልም። መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ከ87.8 ጋር አስተያዩት።

የመቀንጨር መቁረጫ ነጥብም በዚሁ መንገድ ይወጣል። እዚህ ግን ዜዱ ተሰጥቶናል፤ -2 ነው። 87.8 − 6.12 ስንል 81.7 ሴንቲ ሜትር እናገኛለን። ለ-3 ብናሰላ 78.6 ይመጣል፤ ሳይጠጋጋ ከተሰላ 78.7 ነው። 83 ሴንቲ ሜትር የሆነው ልጃችን እንግዲህ ከመቁረጫው 1.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል።

አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ስህተት ምን ያደርጋል?

ስሌቱ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን የገባበት ቁጥር ከተበላሸ ውጤቱም ይበላሻል። የቁመት ዜድ በሁለት ነገር ቶሎ ይበላሻል።

አንዱ አለካኩ ነው። ልጅ ቆሞ ሲለካ ተኝቶ ከተለካው 0.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል። ስለዚህ መለኪያው ከሁለት ዓመት በታች ላሉት የመኝታ፣ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ላሉት የቁም ሰንጠረዥ አለው። ልክ 24 ወር ለሆነው ወንድ ልጅ የቁሙ አማካይ 87.1 ነው። ቆሞ ተለክቶ 81.2 የሆነ ልጅ አለ እንበል። በቁም ሰንጠረዥ ዜዱ -1.93 ነው፤ አልቀነጨረም። በስህተት በመኝታው ሰንጠረዥ ቢሰላ -2.16 ይሆንና ቀንጭሯል ተብሎ ይመዘገባል። የልጁ ቁመት አልተለወጠም። የተለወጠው ወረቀቱ ነው።

ሌላው ዕድሜ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የተለካበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋልና። ሁለቱን ቀኖች ወደ አንድ አቆጣጠር ሳታመጡ አትቀንሱ። የተወለደበት ቀን ካልተመዘገበም እናትየው "ሁለት ዓመት ሆኖታል" ስትል ልጁ 22 ወር ሊሆን ይችላል። ተኝቶ ሲለካ 80.6 የሆነ ልጅ በ24 ወር ቢሰላ ዜዱ -2.35 ነው። ትክክለኛ ዕድሜው 22 ወር ከሆነ ግን አማካዩ 86.0፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 2.94 ስለሆነ ዜዱ -1.84 ይሆናል። እናቶች ቀን ሲጠፋባቸው በበዓል ያስታውሳሉ። "ከመስቀል በፊት ነው በኋላ?" ብሎ መጠየቅ ከመገመት በብዙ ይሻላል።

ይህ ስሌት ለክብደት አይሠራም

እስካሁን ያደረግነው ሁሉ የቆመው የቁመት ስርጭት ኖርማል በመሆኑ ላይ ነው፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ክብደት እንዲህ አይደለም። ለ24 ወር ወንድ ልጅ የክብደቱ መሃል 12.2 ኪሎ ነው። የ-2 መስመሩ 9.7፣ የ+2 መስመሩ 15.3 ነው። ወደ ታች 2.5 ኪሎ፣ ወደ ላይ ግን 3.1 ኪሎ ይርቃል። ኩርባው ወደ ቀኝ ተጎትቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለክብደት ይህን ጉተታ የሚያስተካክል ተጨማሪ ስሌት ይጠቀማል። ስለዚህ ለክብደት የተዘጋጀውን የዜድ ሰንጠረዥ ወይም ሶፍትዌር ተጠቀሙ፤ ከላይ ያለውን ቀመር ግን አትጠቀሙ። በማንኛውም ሌላ ዳታ ላይም ከመጀመራችሁ በፊት ከመሃሉ ወደ ታችና ወደ ላይ ያለው ርቀት መመጣጠኑን እዩ።

በኮምፒውተር

ኤክሴል ላይ ሰንጠረዡን የሚተኩ ሁለት ትእዛዞች አሉ። የመጀመሪያው ዜድ ተቀብሎ ከግራ ያለውን ድርሻ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ድርሻ ተቀብሎ ዜድ ይሰጣል።

```
=NORM.S.DIST(-1.57,TRUE)    → 0.0582
=NORM.S.INV(0.03)           → -1.8808
```

`TRUE` የሚለውን `FALSE` ካላችሁት የሚመጣው የኩርባው ከፍታ ነው፤ ድርሻው አይደለም። ብዙ ልጆችን የምታሰሉ ከሆነ ዜዱ ከ-6 በታች ወይም ከ+6 በላይ የሆነውን ለብቻ አውጡት። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለውን የቁመት ዜድ የመለኪያ ወይም የምዝገባ ስህተት አድርጎ ከትንተና ያስወጣዋል።

ከአንድ ልጅ ወደ አገር

የ-2ን ድርሻ ሰንጠረዡ ላይ ፈልጉ፤ 0.0228 ነው። ሁኔታው ከተመቻቸላቸው ልጆች መካከልም 2.3 በመቶ ያህሉ ከመቁረጫው በታች ናቸው። በተፈጥሯቸው አጭር ናቸው እንጂ ምግብ አልጎደለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶው ከ-2 በታች፣ 18 በመቶው ከ-3 በታች መሆናቸውን አሳይቷል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮችና በሰንጠረዡ ብቻ ጠቅላላ ኩርባው የት እንዳለ መገመት ይቻላል። የልጆቹ ስርጭት ኖርማል ነው ብለን እንነሳ።

በመጀመሪያ የኩርባው ስፋት፣ ማለትም የዜዶቹ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ እንደ መለኪያው 1 ነው ብለን እንሞክር። ለ0.38 በጣም የሚቀርበው ዜድ -0.31 ነው። ስለዚህ -2 ከኢትዮጵያ ልጆች አማካይ 0.31 ዝቅ ይላል፤ አማካዩም -1.69 ይሆናል። አሁን ይህን በ-3 እንፈትነው። ከ-1.69 እስከ -3 ያለው ርቀት 1.31 ነው፤ ለ-1.31 ሰንጠረዡ 0.0951 ይሰጣል። ግምታችን ትክክል ቢሆን ከ-3 በታች የሚገኙት 9.5 በመቶ ብቻ መሆን ነበረባቸው። ጥናቱ ያገኘው ግን 18 ነው። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስፋቱ 1 ነው ያልነው አልሠራም።

ስለዚህ ስፋቱንም እንፈልገው። ለ0.18 የሚቀርበው ዜድ -0.92 ነው። አማካዩን m፣ ስፋቱን s እንበላቸው፦

```
-2 = m - 0.31 × s
-3 = m - 0.92 × s
 1 = 0.61 × s   →   s = 1.64,   m = -1.49
```

አማካዩ -1.49 ሆነ። ለ24 ወር ወንድ ልጅ ወደ ሴንቲ ሜትር ብንመልሰው 1.49 × 3.06 ማለትም 4.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ አጭር የሆኑት ከመቁረጫው በታች ያሉት 38 በመቶ ብቻ አይደሉም። ኩርባው እንዳለ ወደ ግራ ተንሸራቷል። አልቀነጨረም ተብሎ የሚታለፈው መካከለኛ ልጅም ሊደርስበት ይችል ከነበረው ቁመት በዚህን ያህል ጎድሏል።

1.64 የሚለውን ስፋት ግን በጥንቃቄ ያዙት። ከፊሉ እውነተኛ ነው፤ የከተማና የገጠር፣ የደጋና የቆላ ልጆች ኑሮ ይለያያልና። ከፊሉ ደግሞ ቅድም ያየነው የአለካክና የዕድሜ ስህተት ነው። ስህተት ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሚበትን ኩርባውን ያሰፋዋል፤ ሲሰፋ ደግሞ ከ-3 በታች ያለው ጫፍ ይወፍራል። ሰንጠረዡ ሁለቱን ሊለይ አይችልም። ለመለየት ወደ ጥሬው መዝገብ ተመለሱና የዕድሜውን ዓምድ ብቻ ቁጠሩ። 12፣ 24 እና 36 ወር ላይ የተመዘገቡት ልጆች ከ11፣ ከ23ና ከ35 ወሮቹ በጣም ከበዙ፣ ዕድሜው በልደት ቀን ሳይሆን በግምት ተጽፏል።